መመዘኛው ሲቀየርና ታሪኩ ሲቀየር

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1980 በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት፣ በኒው ሄቨን ከተማና በአካባቢዋ የሚኖሩ ሰዎች አንድ ማስታወቂያ አነበቡ። ስለ ቴሌቪዥን በሚካሄድ ጥናት ለሚሳተፍ ሰው 20 ዶላር ይከፈላል ይላል። ጥሪውን ተቀብለው የመጡት ሰዎች በዬል ዩኒቨርሲቲ በተዘጋጀላቸው ክፍል በትናንሽ ቡድን ተቀምጠው ለተከታታይ ቀናት የምሽት ዜና ተመለከቱ። የሚያዩት ትናንት ማታ በአገር አቀፍ ጣቢያ የተላለፈው ዜና ቅጂ እንደሆነ ተነግሯቸዋል። ቅጂው ግን ተነካክቷል። ሻንቶ አይንጋር፣ ማርክ ፒተርስና ዶናልድ ኪንደር የተባሉ ተመራማሪዎች ከዜናው መሃል አንዳንድ ዘገባ እያወጡ በምትኩ ከዚያ በፊት የተላለፉ ሌሎች ዘገባዎችን አስገብተውበታል። የፈጠራ ዜና አልነበረም፤ ሁሉም በእውነት ተሠርቶ በእውነት የተላለፈ ነው። የተለወጠው የትኛው ዘገባ ለየትኛው ቡድን እንደሚታይ ብቻ ነው።

አንደኛው ቡድን በየቀኑ የአሜሪካ መከላከያ ስላለበት ድክመት የሚያወሳ ዘገባ እንዲያይ ተደረገ። ሌላው ቡድን በዚያው ሳምንት ስለ መከላከያ ምንም አላየም። ሁሉም ተሳታፊዎች ዜናውን ማየት ከመጀመራቸው በፊትና ከጨረሱ በኋላ መጠይቅ ሞሉ። አገሪቱን ያስጨነቁ ችግሮች በቅደም ተከተል ሲቀመጡ፣ የመከላከያ ዘገባ ባየው ቡድን ዘንድ መከላከያ ከ6ኛ ወደ 2ኛ ደረጃ ወጣ። በሌላው ቡድን ግን ከነበረበት አልተነሳም።

ውጤቱ ለምን እንዳስገረመ ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን እምነት ማወቅ ያስፈልጋል። በ1940 ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ በኦሃዮ ግዛት በኢሪ አውራጃ የምርጫ ዘመቻ ሲካሄድ መራጮችን ለወራት ተከታትለው ነበር። ሬዲዮውና ጋዜጣው የመራጩን ሐሳብ ሲገለብጥ እናያለን ብለው ጠብቀው ያገኙት ሌላ ነገር ነው፤ አብዛኛው ሰው በያዘው አቋም ጸና። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የመገናኛ ብዙኃን ተጽዕኖ እዚህ ግባ የማይባል ነው የሚለው አመለካከት በምሁራኑ ዘንድ ሰፍኖ ቆየ። በ1968 ማክስዌል ማክኮምብስና ዶናልድ ሾው በቻፕል ሂል ከተማ ገና ያልወሰኑ 100 መራጮችን አነጋግረው፣ ሰዎቹ ትልቅ ጉዳይ ብለው የጠሩት ዜናው በብዛት ከሚያወራው ጋር በእጅጉ እንደሚገጥም አሳዩ። ዜና ሰውን ምን እንደሚያስብ ባያዝዘውም ስለ ምን እንደሚያስብ ይመራዋል የሚለው ሐሳብ ከዚያ በኋላ ተጠናከረ። ይህን ዛሬ አጀንዳ መቅረጽ እንለዋለን። ነገር ግን የቻፕል ሂሉ ጥናት ዜናው ሕዝቡን መራው ወይስ ሕዝቡ ዜናውን መራው የሚለውን አልፈታም ነበር። የኒው ሄቨኑ ሙከራ ማን ምን እንደሚያይ ራሱ ስለወሰነ ይህን ጥርጣሬ ዘጋው።

ተመራማሪዎቹ እዚያ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ አጀንዳ መቅረጽን በሙከራ ያረጋገጡ ተብለው ይታወሱ ነበር። እነሱ ግን ሌላም ጥያቄ በመጠይቁ አስገብተው ነበር። ተሳታፊዎቹ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርን በየጉዳዩ እየለዩ፣ ከዚያም በጥቅሉ እንዲመዝኗቸው ተጠይቀዋል። ሁለተኛው ሙከራ በ1981 መጀመሪያ ሲካሄድ ቡድኖቹ ሦስት ሆኑ፤ አንዱ መከላከያን፣ አንዱ ብክለትን፣ አንዱ የዋጋ ንረትን በብዛት አየ። ሰዎቹ ካርተርን በጥቅሉ ሲመዝኑ ብዙ የተመለከቱበት ጉዳይ ከሌሎቹ ይበልጥ ይከብድ ጀመር። ስለ ብክለት ያየ ሰው ካርተርን የመዘነው ይበልጡን በብክለት ነው። ስለ ዋጋ ያየውም እንዲሁ በዋጋ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ፕራይሚንግ የሚባለው ነገር ያለው እዚህ ስለሆነና ብዙ ሰው የሚስተውም እዚሁ ስለሆነ። አንድ ተመልካች እንውሰድ። ፕሬዚዳንቱ በመከላከያ ከ10 ስንት ይገባቸዋል ቢሉት 8 ይሰጣል። በዋጋ ንረት ጉዳይ ግን 3 ብቻ። ሁለቱን ጉዳዮች እኩል ካያቸው ጥቅል ፍርዱ 5.5 ይሆናል። ለአንድ ሳምንት የገበያ ዋጋ ብቻ ሲያይ ሰንብቶ የዋጋው ጉዳይ ከፍርዱ 80 በመቶውን ቢይዝ፣ 3 በ0.8 ሲባዛ 2.4፣ 8 በ0.2 ሲባዛ 1.6፣ ድምሩ 4 ይመጣል። በተቃራኒው ሳምንቱን ሙሉ የጦር ሠራዊት ዜና ቢያይና መከላከያ 80 በመቶውን ቢይዝ ውጤቱ 7 ነው። አንዴ 4፣ አንዴ 7፤ የሰውየው አስተያየት ግን አልተነካም። በመከላከያ 8፣ በዋጋ 3 ያለው እንዳለ ነው። ማንም ስለ ዋጋ ንረት አዲስ ነገር አላሳመነውም፤ ስለ ፕሬዚዳንቱም ክፉ አልነገረውም። የተቀየረው መመዘኛው ብቻ ነው። አንድ ዜና ሥራው ፕራይሚንግ ከሆነ ለውጡን ስለ ጉዳዩ በሚሰጠው አስተያየት ውስጥ ብንፈልገው አናገኘውም፤ ያለው በጉዳዩና ለመሪው በሚሰጠው ጥቅል ፍርድ መካከል ባለው ትስስር ውስጥ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የተገኘው በተዘጋጀ ክፍል፣ ተከፍሏቸው በመጡ ሰዎች ላይ ነው። በገሃዱ ዓለም ይሠራል ወይ የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘው ማንም ባላቀደው አጋጣሚ ነበር። በ1986 መገባደጃ የአሜሪካ ብሔራዊ የምርጫ ጥናት እንደ ልማዱ ከምርጫው በኋላ መራጮችን እያነጋገረ ነበር። ቃለ መጠይቁ ሳያልቅ፣ ኖቬምበር 25 ቀን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኤድዊን ሚስ ለኢራን በድብቅ ከተሸጠ የጦር መሣሪያ የተገኘ ገንዘብ የኒካራጓን መንግሥት ለሚወጉት ለኮንትራ አማጽያን መተላለፉን ይፋ አደረጉ። የቴሌቪዥኑ ዜና በአንድ ቀን ተገለበጠ። ጥናቱ ደግሞ ከዚያ ቀን በፊት የተጠየቁና ከዚያ ቀን በኋላ የተጠየቁ ሰዎች መልስ በእጁ ነበር።

ጆን ክሮስኒክና ኪንደር ይህን መረጃ ተንትነው በ1990 አሳተሙ። ከኖቬምበር 25 በፊት የተጠየቀ ሰው ስለ ኮንትራ ዕርዳታና ስለ መካከለኛው አሜሪካ ያለው አቋም ፕሬዚዳንት ሬገንን በሚመዝንበት ጊዜ ብዙም ቦታ አልነበረውም። ከዚያ ቀን በኋላ በተጠየቁት ላይ ግን ይኸው አቋም ከበድ ያለ ቦታ ያዘ። ስለ አገር ውስጥ ጉዳይ ያላቸው አስተያየት እንደዚያ አልከበደም። እዚህ ላይ የጥናቱን ትንታኔ ከተራው የሬገን ተወዳጅነት መውደቅ ለይቶ ማየት ይገባል። ቅሌት ሲሰማ መሪ ድጋፍ ማጣቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ድጋፍ ወረደ ማለት ብቻውን ፕራይሚንግ ታየ ማለት አይደለም። ፕራይሚንግ ያሰኘው፣ አንድ ሰው ሬገንን መደገፉ ወይም አለመደገፉ ቀድሞ ባልነበረው ጥንካሬ በኮንትራ ጉዳይ ላይ ካለው አቋም ጋር መታሰሩ ነው።

ከፕራይሚንግ ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታው የፍሬሚንግ ታሪክ የሚነሳው ከሌላ ቦታ ነው። በ1981 አሞስ ቴቨርስኪና ዳንኤል ካኔማን ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥያቄ አቀረቡ። 600 ሰው ሊገድል የሚችል በሽታ መጥቷል። አንደኛው እቅድ 200 ሰው በእርግጠኝነት ያድናል፤ ሁለተኛው እቅድ ሲሦ በሆነ ዕድል 600ውን ሁሉ ያድናል፣ ሁለት ሦስተኛ በሆነ ዕድል ማንንም አያድንም። ከተጠየቁት 72 በመቶው የመጀመሪያውን መረጡ። ለሌላ ቡድን ያንኑ ጥያቄ በሞት ቋንቋ አቀረቡት፤ አንደኛው እቅድ 400 ሰው ይሞትበታል፣ በሁለተኛው ሲሦ በሆነ ዕድል ማንም አይሞትም፣ ሁለት ሦስተኛ በሆነ ዕድል 600ውም ይሞታሉ። ከ600 ሰው 200 ከዳነ 400 ሞቷል ማለት ነው፤ ሒሳቡ አንድ ነው። ሆኖም አሁን እርግጠኛውን እቅድ የመረጠው 22 በመቶ ብቻ ሆነ። ሁለቱም ቡድኖች ስለ አንድ በሽታ፣ እኩል ነው ያሰቡት። ልዩነቱን ያመጣው ነገሩ የተነገረበት መንገድ ነው።

የፖለቲካ ዜና ግን እንዲህ በቁጥር ተስተካክሎ አይመጣም። በዜና ውስጥ ያለው ፍሬም ምን እንደሚሠራ በ1993 በጥሩ ሁኔታ የገለጸው ሮበርት ኤንትማን ይመስለኛል። በእሱ አነጋገር ፍሬም ከአንድ ጉዳይ የተወሰነውን ክፍል መርጦ ያጎላል፤ በዚህም ችግሩ ምን እንደሆነ፣ መንስኤው ማን ወይም ምን እንደሆነ፣ ድርጊቱ እንዴት እንደሚፈረድበትና መፍትሔው ምን እንደሆነ ያመላክታል። ፍሬሚንግ ሲሠራ ተመልካቹ ስለ ጉዳዩ ራሱ ያለው አቋም ይለወጣል። ኒው ሄቨን ላይ ተመልካቹ ስለ ብክለት የነበረው አቋም መለወጡ አስፈላጊ አልነበረም፤ እዚህ ግን ጉዳዩ ያው ሆኖ የሚለወጠው በእሱ ላይ ያለው አቋም ነው።

ለዚህ ከማውቃቸው ሁሉ ግልጽ የሆነልኝ ምሳሌ ከኦሃዮ የመጣው ነው። የጥቁሮች ጠላት የሆነው ኩ ክሉክስ ክላን በአንዲት የኦሃዮ ከተማ ሰልፍ ወጣ። ሁለት የአካባቢው ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ያንኑ ሰልፍ፣ በዚያው ቀን ዘገቡት። አንደኛው ነገሩን የመናገር ነጻነት ጉዳይ አድርጎ አቀረበው፤ ሰዎቹ ሐሳባቸው የሚያስጠላ ቢሆንም መናገር ይችላሉ ወይስ አይችሉም የሚል። ሌላው የጸጥታ ጉዳይ አድርጎ አቀረበው፤ ፖሊሱን፣ ግርግሩን፣ ሊነሳ የሚችለውን ብጥብጥ አጎላ። ቶማስ ኔልሰን፣ ሮሳሊ ክላውሰንና ዞኢ ኦክስሊ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በሁለት ከፍለው ለአንዱ ቡድን የመጀመሪያውን፣ ለሌላው ሁለተኛውን ዘገባ አሳዩ። ጥናቱ በ1997 ታተመ። የመናገር ነጻነቱን ዘገባ ያዩት ክላኑ ንግግር እንዲያደርግ የመፍቀድ ዝንባሌያቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ርዕሱ አንድ፣ ሰልፉ አንድ፣ ክላኑም ያው ክላን።

ጥናቱን ልዩ የሚያደርገው ግን ቀጥሎ የተደረገው ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙ ተመራማሪ ፍሬሚንግና ፕራይሚንግ አንድ ሥር አላቸው ብሎ ያስብ ነበር። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ በቅርብ ደጋግመን የሰማነው ነገር አእምሯችን ውስጥ ቶሎ የሚገኝ ይሆናል፣ ስለዚህ ፍርድ ስንሰጥ ቀድሞ ይመጣል። ይህ ለሁለቱም የሚሠራ ከሆነ ሁለት ስም መስጠት ትርፍ ነው። ኔልሰንና ባልደረቦቹ ይህን ሊፈትኑ ፈለጉ። በሁለተኛው ሙከራ ተሳታፊዎች ክላኑ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ንግግር ለማድረግ ስለ መጠየቁ የሚያወሳ፣ በሁለት ዓይነት ፍሬም የተጻፈ ጽሑፍ አነበቡ። ከዚያ በኮምፒውተር ላይ ከነጻነትና ከሥርዓት መከበር ጋር የተያያዙ ቃላት እየታዩአቸው ምን ያህል ፈጥነው እንደሚለዩአቸው ተለካ። አንድ ሐሳብ አእምሮ ውስጥ ቶሎ የሚገኝ ከሆነ የሱ ቃላት ቶሎ ይለያሉ። የነጻነትን ፍሬም ያነበቡት የነጻነትን ቃላት ይበልጥ ፈጥነው ይለዩ ይሆን?

አልለዩም። በሁለቱም ቡድን ነጻነትም ሥርዓትም እኩል ቶሎ የሚታሰቡ ነበሩ። የተለያየው ሌላ ነው፤ ክላኑ ይናገር አይናገር የሚለውን ሲወስኑ የትኛው እሴት የበለጠ አስፈላጊ እንደሆነ የሰጡት ዋጋ። ሁለቱንም እሴቶች ያስታውሳሉ፣ ፍሬሙ ግን ለዚህ ጉዳይ የሚሆነው ይኸኛው ነው ብሏቸዋል። ለዚህ ነው በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች፣ በተለይም ዲትራም ሾይፈለና ዴቪድ ቱክስበሪ፣ ልዩነቱን በዚህ መልክ ያስቀመጡት። ፕራይሚንግ የሚሠራው አንድ ጉዳይ ቶሎ እንዲታወስ በማድረግ ነው፤ እዚህ ላይ ዋናው ስንት ጊዜ ተነገረ የሚለው ነው። ፍሬሚንግ የሚሠራው አንድ ሐሳብ ከአንድ ጉዳይ ጋር እንዲገናኝ በማድረግ ነው፤ እዚህ ላይ ዋናው እንዴት ተነገረ የሚለው ነው።

ከዚህ አንድ ቀላል መፈተኛ ይወጣል። ፊታችን ያለውን ዘገባ አንስተን ስለዚያው ጉዳይ በሌላ አቅጣጫ በተሠራ ዘገባ ተካነው እንበል፤ የአየር ሰዓቱና ርዝመቱ ያው ይሁን። ያመጣው ለውጥ ሳይጠፋ የሚቀር ከሆነ ሥራውን የሠራው የጉዳዩ መነሳት ነውና ፕራይሚንግ ነው። ለውጡ ከዘገባው አሠራር ጋር አብሮ የሚጠፋ ከሆነ ፍሬሚንግ ነው። በኒው ሄቨን የብክለቱ ዘገባ በሌላ አቀራረብ ቢመጣም ካርተር በብክለት መመዘናቸው ይጠበቅ ነበር። በኦሃዮ ግን ዘገባው ሲቀየር ውጤቱም ተቀየረ። ሁለተኛ ምልክትም አለ፤ ለውጡ የታየው የት ነው? በመሪ ላይ በሚሰጥ ፍርድ ከሆነ አንደኛው፣ በጉዳዩ ላይ በሚያዝ አቋም ከሆነ ሁለተኛው።

መፈተኛው ሁለቱ ተደባልቀው በሚመጡበት ጊዜም ይጠቅማል፤ በተግባር የሚመጡትም ተደባልቀው ነው። ኦገስት 2 ቀን 1990 ኢራቅ ኩዌትን ወረረች፤ በጃንዋሪ 1991 አሜሪካ መራሹ ኃይል የአየር ድብደባ ጀመረ፣ የምድር ውጊያው ደግሞ በፌብሩዋሪ መጨረሻ በ100 ሰዓት ገደማ ተጠናቀቀ። አይንጋርና አዳም ሳይመን በ1993 ባሳተሙት ጥናት ይህን ጦርነት ለሦስቱም ነገሮች በአንድነት መረመሩት። ሕዝቡ የባሕረ ሰላጤውን ቀውስ የአገሪቱ ዋና ችግር ብሎ መጥራቱ አጀንዳ መቅረጽ ነው። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽን ሲመዝን ቀድሞ ትልቅ ቦታ ለነበረው ኢኮኖሚ ሳይሆን ለውጭ ፖሊሲ የበለጠ ክብደት መስጠቱ ፕራይሚንግ ነው። ሦስተኛው ከሁለቱም የተለየ ነው። የቴሌቪዥኑ ዘገባ በአብዛኛው የዕለቱን ክስተት የሚከተል ነበር፤ የተተኮሰ ሚሳኤል፣ የሰፈረ ጦር፣ የተሰጠ መግለጫ። የአካባቢው ታሪክና የቀውሱ ሥር ብዙ አይነሳም። ዜናውን በብዛት የተከታተሉት ሰዎች ደግሞ ከዲፕሎማሲ ይልቅ ወታደራዊ እርምጃን የመደገፍ ዝንባሌያቸው ከፍ ያለ ነበር። ይህ ስለ ቡሽ የተሰጠ ፍርድ አይደለም፤ ስለ ቀውሱ ምን ይደረግ የሚል አቋም ነው። ስለዚህ ፍሬሚንግ ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ የቡሽ ድጋፍ በጋሎፕ መለኪያ 89 በመቶ ደርሶ ነበር። በኖቬምበር 1992 ያገኙት ድምፅ ከ38 በመቶ በታች ነው። ብዙ ጊዜ ይህ የፕራይሚንግ ማስረጃ ተደርጎ ይጠቀሳል፤ ዜናው ከጦርነት ወደ ኢኮኖሚ ሲዞር ሕዝቡም በሌላ መዘናቸው ይባላል። እኔ በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል ባይ ነኝ። በዚያ ጊዜ ሥራ አጥነት በእርግጥ ጨምሯል፤ ሰው ሥራ ያጣውን ጎረቤቱን ያወቀው በቴሌቪዥን አይደለም። ዜናውንና ኑሮውን መለየት በማይቻልበት ቦታ ፕራይሚንግ ታየ ማለት ችኮላ ነው።

ሌላው የሚያሳስት ነገር ከዚህ የረቀቀ ነው፤ ያወጣውም ጋብሪኤል ሌንዝ በ2009 ባሳተመው ጥናት ነው። አንድ ጉዳይ በዜና ገነነ እንበል። ከዚያ በኋላ በጉዳዩ ላይ ያለው አቋምና ለመሪው ያለው ድጋፍ ቀድሞ ከነበረው ይልቅ ተያይዘው ተገኙ። በተለመደው አነጋገር ጉዳዩ መመዘኛ ሆነ ይባላል። ሌንዝ ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ሊሆን እንደሚችል አሳየ፤ ሰውየው አስቀድሞ መሪውን ይደግፋል፣ ዜናው ሲበዛ መሪው በጉዳዩ ላይ ምን እንደሚል ይሰማል፣ ከዚያም የራሱን አቋም ወደ መሪው ያስጠጋል። በአንድ ቀን ቃለ መጠይቅ ሁለቱ አይለዩም፤ ቁጥሩ ያው ነው። የሚለዩት ያንኑ ሰው ከዜናው በፊትም ከዜናው በኋላም ሲጠይቁት ነው። አቋሙ ሳይነቃነቅ ድጋፉ ከተቀየረ ፕራይሚንግ ነው፤ ድጋፉ ሳይነቃነቅ አቋሙ ከተቀየረ ግን ሰውየው መሪውን መከተሉ ነው። ሌንዝ ያንኑ ሰው ደጋግመው የጠየቁ ጥናቶችን ሲመረምር፣ ፕራይሚንግ ተብለው ከተጠቀሱት መካከል በርካቶቹ ይህ ሁለተኛው ሆነው አገኛቸው።

ፕራይሚንግና ፍሬሚንግ የሚገናኙበት አንድ በር ደግሞ አለ፤ እሱም ተጠያቂነት ነው። አይንጋርና ኪንደር በ1987 ባወጡት መጽሐፍ ላይ፣ ዘገባው ፕሬዚዳንቱን ለችግሩ ተጠያቂ አድርጎ ሲያቀርብ ፕራይሚንጉ እንደሚጠነክር አሳይተዋል። ተጠያቂን መጠቆም ግን የፍሬም ሥራ ነው፤ ኤንትማን መንስኤ ያለው ነገር ነው። ፍሬሙ ችግሩን ከመሪው ጋር ሲያያይዘው መሪው በዚያ ችግር መመዘኑ ይቀላል። ችግሩ የሰማይ ቁጣ ተደርጎ ሲቀርብ ግን ቢደጋገምም ወደ ቤተ መንግሥት የማድረስ ኃይሉ ይደክማል።

ይህን በአንድ ምሽት፣ በአንድ ፊልም ላይ ለማየት ወደ አገራችን መምጣት ይቻላል። ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የቀረጸበት ዘገባ በብሪታንያ ቴሌቪዥን የታየው በኦክቶበር 1973 ነው። ደርግ ያንን ፊልም ወስዶ፣ የረሃብተኞቹን ምስል ከቤተ መንግሥት ግብዣና ድግስ ምስል ጋር እያፈራረቀ አሰናዳው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈው። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። ደርግ ኃይሉን ቀድሞ ጨብጧልና ዙፋኑን ፊልሙ ገለበጠው ማለት አይቻልም፤ የተመልካቹን ሐሳብ የለካ ጥናትም የለም። ፊልሙ ግን እንዴት እንደተሠራ ይታያል።

ደርግ የዲምብልቢን ፊልም እንዳለ፣ አንድም ምስል ሳይጨምር በዚያ ምሽት ቢያሳየው ኖሮ ጉዳዩን ወደ ፊት አመጣ እንላለን። ንጉሠ ነገሥቱ በብዙ ነገር ሊመዘኑ ይችሉ ነበር፤ በጣልያን ወረራ ጊዜ በጄኔቫ ባሰሙት ንግግር፣ አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቀመጫ በመሆኗ፣ ባሠሯቸው ትምህርት ቤቶች። ያ ሁሉ ወደ ኋላ ቀርቶ በዚያ ምሽት በወሎ ብቻ እንዲመዘኑ ማድረግ፣ ይህ የፕራይሚንግ ሥራ ነው። የጨመረው የድግስ ምስል ግን ሌላ ነገር ይሠራል። የተራበው ሕፃን ምስል አልተነካም፤ ቀጥሎ ድግሱ ሲታይ ግን ረሃቡ የዝናብ እጥረት መሆኑ ቀርቶ የቤተ መንግሥት በደል ሆነ። ችግሩ፣ መንስኤው፣ ፍርዱና መፍትሔው በሁለት ምስል መሃል ባለው መቁረጫ ላይ አብረው ተወሰኑ። ድግሱን ከፊልሙ ቆርጠን ብናወጣው ረሃቡ መመዘኛ ሆኖ ሊቀጥል ይችላል፤ ረሃቡን ማን አመጣው የሚለው መልስ ግን ከድግሱ ጋር አብሮ ይወጣል።